በአፍ የሚገባው ካሜራ፦ ኢንዶስኮፒ ከጧቱ ጾም እስከ ናሙናው ውጤት



የወልድያ፣ የመርሳና የሐብሩ ወገኖቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ “ኢንዶስኮፒ ይታዩ” ተብሎ ወረቀት ስለተጻፈላቸው አንዲት እናት ነው። በስም የምታውቋቸው ሰው አይደሉም። ሐኪም ቤት ከሚመጡ ብዙ ሰዎች ታሪክ አሰባስቤ ያቆምኳቸው ናቸው። የመርሳ ሰው እናድርጋቸው፤ ዕድሜያቸውም 58 ይሁን። እናታችን እያልኩ እጠራቸዋለሁ።

እናታችን “ጨጓራዬ” ማለት ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ሲብስባቸው ከመድኃኒት ቤት ኦሜፕራዞል እየገዙ ይውጣሉ፣ ይሻላቸዋል፣ ይተዉታል። ጉልበታቸውንም ያማቸዋል፤ ለእሱ ደግሞ ዳይክሎፌናክ ይወስዳሉ። ባለፉት ሁለት ወራት ግን ነገሩ ተለወጠ። ከገበያ ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር፤ ቀሚሳቸው ሰፋቸው፤ ሰገራቸው ጠቆረ። ጤና ጣቢያ ሄደው ደማቸው ሲለካ ሄሞግሎቢናቸው 8 ሆነ። ለአንዲት እናት ቢያንስ 12 ነበር የሚጠበቀው።

የሰገራውን ነገር በደንብ ላስረዳ። ከጨጓራ ወይም ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ የሚደማ ሰው ደሙ በመንገዱ ላይ ስለሚፈጭ ብዙ ጊዜ በታች ቀይ ሆኖ አይወጣም። እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ የሚያጣብቅ፣ ሽታውም ከወትሮው የተለየ ሰገራ ሆኖ ነው የሚወጣው። የደም ማነስ እንክብል የሚውጥ ሰውም ሰገራው ይጠቁራል፤ ያኛው ግን አያጣብቅም፣ ያን ሽታም የለውም። ስለዚህ ሐኪሙ “ምን እንክብል ይወስዳሉ?” ሲል የሚጠይቀው በከንቱ አይደለም። ደም የሚያስታውክ፣ ወይም ሰገራው ጠቁሮ ሲቆም የሚያዞረውና ራሱን የሚስት ሰው ደግሞ ቀጠሮ የሚጠብቅ ሕመምተኛ አይደለም። በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።

ቃር ያለበት ሁሉ ካሜራ ይግባለት እያልኩ አይደለም። ወጣት የሆነና ሌላ አስጊ ምልክት የሌለው ሰው የጨጓራ ባክቴሪያው በሰገራ ወይም በትንፋሽ ምርመራ ታይቶለት፣ በመድኃኒት ታክሞ ሊጨርስ ይችላል። እናታችንን ወደ ኢንዶስኮፒ የገፋቸው ዕድሜያቸው፣ ክብደታቸው መቀነሱ፣ ደማቸው ማነሱና ያ ጥቁር ሰገራ አንድ ላይ መምጣታቸው ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሳያዩ ኦሜፕራዞል መስጠት ከባድ ስህተት ሊሆን ይችላል። ኦሜፕራዞል የጨጓራን አሲድ ስለሚቀንስ የካንሰር ቁስል እንኳ ለጊዜው ላዩ ሽሮ እንዲታይ፣ ሕመሙም እንዲቀል ያደርጋል። ሕመምተኛው “ዳንኩ” ይላል፤ ቁስሉ ግን ከሥር ሥራውን ይቀጥላል።

እናታችን ሪፈር ተጽፎላቸው ደሴ ሄዱ እንበል። ከመርሳ በውርጌሳና በሐይቅ በኩል ወደ 90 ኪሎ ሜትር ነው። መሣሪያው የትም ይሁን የት ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሂደት በመሠረቱ አንድ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከቤት ነው። ከምርመራው በፊት 8 ሰዓት ያህል ምግብ አይበላም። ጨጓራ ውስጥ ምግብ ካለ ሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛ፣ ሐኪሙ ቁስሉን አያየውም። ሁለተኛውና የሚያስፈራው፣ ምግቡ ወደ ላይ ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ንጹሕ ውሃ ግን ቶሎ ስለሚያልፍ ብዙ ጊዜ እስከ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ድረስ ይፈቀዳል። ወተት ምግብ ነው፤ ወተት የገባበት ቡናም ያው ምግብ ነው።

መጾም ለወሎ ሰው የሚነገር ነገር አይደለም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያውቅበታል። እዚህ ላይ የሚያሳስተው በቅን ልቦና የሚደረግ ነገር ነው። በረመዳን ቀጠሮ የተሰጠው ሰው ለሱሁር ተነሥቶ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ይበላና፣ ጧት 3 ሰዓት ላይ “ጾመኛ ነኝ” ብሎ አልጋው ላይ ይተኛል። ጾመኛ መሆኑ እውነት ነው፤ ጨጓራው ግን ባዶ አይደለም። ከሱሁሩ እስከ ምርመራው ያለው ጊዜ አራት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው መጨረሻ የበላበትን ሰዓት ለነርሷ በግልጽ ይንገራት፤ ቀጠሮው ይገፋለታል። የጫትም ነገር እንዲሁ ነው። ጫት ጨጓራ ምግቡን ቶሎ እንዳያሳልፍ ያዘገያል፤ ልብንም ያፈጥናል፤ ቅጠሉም ሆድ ውስጥ ተበትኖ እይታ ይጋርዳል። ከምርመራው በፊት ባለው ቀን ጫት አለመቃም፣ ቅሞ ከሆነም አለመደበቅ ያስፈልጋል።

መድኃኒቶችን በተመለከተ በግምት መሥራት አደጋ አለው። የደም ግፊት እንክብል ብዙ ጊዜ በትንሽ ውሃ ይወሰዳል። የስኳር መድኃኒት ግን ባዶ ሆድ ላይ ስኳርን ከልክ በላይ ሊያወርድ ስለሚችል ሐኪሙ ያስተካክለዋል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ለምሳሌ ዋርፋሪን፣ የሚወስድ ሰው በራሱ ውሳኔ አያቋርጥም። ናሙና ለመውሰድ ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ማቋረጥ አያስፈልግም፤ በጎበዝነት ያቋረጠ ሰው ግን የረጋ ደም ወደ አንጎሉ ሊሄድበት ይችላል።

ኦሜፕራዞልስ? እዚህ ላይ የእናታችን ሐኪም ተጨንቋል። ኦሜፕራዞል የጨጓራ ባክቴሪያውን ቁጥር ስለሚያሳንሰው ምርመራው “የለም” ብሎ ሊያታልል ይችላል። ስለዚህ ለባክቴሪያው ብቻ የሚመረመር ሰው ኦሜፕራዞሉን ለሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ የወሰደ ደግሞ ለአራት ሳምንት እንዲታገሥ ይነገረዋል። የሚደማ ቁስል አለባቸው ተብሎ የሚጠረጠሩትን እናት ግን “ለሁለት ሳምንት ያቁሙ” ማለት ቁስሉን ለአሲድ አሳልፎ መስጠት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ እንዲቀጥሉ አደረገና፣ ፈተናውን በናሙናው አወሳሰድ ለመወጣት አሰበ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን እናታችን ክፍሉ ውስጥ ናቸው። ስምምነታቸውን ፈርመዋል፤ ከመፈረማቸው በፊት ምን እንደሚደረግና ምን ሊያጋጥም እንደሚችል ተነግሯቸዋል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው ይወልቃል፤ የሚነቃነቅ ጥርስ ካለም ይናገራሉ። ክንዳቸው ላይ ቀጭን የደም ሥር መርፌ ገብቷል፤ ጣታቸው ላይ የኦክስጅን መጠን የሚያነብ መቆንጠጫ ተደርጓል። ጉሮሯቸው ላይ ሊዶኬይን የሚባል መራራ ማደንዘዣ ይረጫል። ከዚያ በኋላ ምራቅ መዋጥ ያቃታቸው፣ ጉሮሯቸው ያበጠ ይመስላቸዋል። አላበጠም፤ ደንዝዞ ነው። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ቦታ ላይ ስለሆነ አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል።

ስለ ማፍዘዣው ከመርሳም ከወልድያም የምሰማው ሥጋት “አደንዝዘውኝ ባልነቃስ?” የሚል ነው። በቀዶ ሕክምና ጊዜ የሚሰጠው ሙሉ ሰመመን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ሕመምተኛው ሲጠሩት አይሰማም፣ ትንፋሹንም ብዙ ጊዜ መሣሪያ ይረዳዋል። ለተለመደው ኢንዶስኮፒ የሚሰጠው ማፍዘዣ ግን ሰውየው ራሱ እየተነፈሰ፣ “ዓይንዎን ይክፈቱ” ሲባል እየሰማ የሚቆይበት ነው። የሚለመደው ሚዳዞላም የሚባል መድኃኒት ነው። በደም ሥር ቀስ ተደርጎ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ተኩል ይሰጣል፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ካልበቃ በጥቂቱ ይጨመራል። መጠበቁ ራሱ የሕክምናው ክፍል ነው። መድኃኒቱ ሙሉ ጉልበቱን የሚያሳየው ከደቂቃዎች በኋላ ስለሆነ፣ ቸኩሎ የጨመረ ባለሙያ የሰጠው ሁሉ በአንድ ጊዜ በሕመምተኛው ላይ ሲደርስ ያየዋል። ለአዛውንት፣ ለከሳ፣ ጉበቱ ወይም ሳንባው ለታመመ ሰው መጠኑ ይቀንሳል። አንዳንዴ እንደ ፔቲዲን ወይም ፌንታኒል ያለ የሕመም ማስታገሻ ይታከልበታል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ትንፋሽን የማዳከም ኃይላቸው ከድምራቸው በላይ ስለሚሆን ጥንቃቄውም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ማፍዘዣው ሌላም ጠባይ አለው፤ ያስረሳል። ብዙ ሰው ተሠርቶለት ከጨረሰ በኋላ “መቼ ነው የምትጀምሩት?” ይላል። ከዚህ የተነሣ ሐኪሙ ውጤቱን ወዲያው ቢነግረው እንኳ ማታ ላይ አያስታውሰውም። አብሮ የመጣ ልጅ ወይም እህት ውጤቱን መስማት ያለበት ለዚህ ነው።

ያለ ማፍዘዣ፣ በጉሮሮ ርጭቱ ብቻም ይሠራል፤ በአገራችን ብዙ ሰው እንዲህ ታይቶ በራሱ እግር ይወጣል። ማቅለሽለሹና እንባው ይበዛል፤ በሌላ በኩል የማፍዘዣው አደጋ የለበትም፣ ወደ ቤትም ቶሎ ይኬዳል። ሳንባው ክፉኛ ለታመመ ሰው ወይም አብሮት የሚሄድ ለሌለው ሰው እኔ ይህንን ነው የምመርጥለት። እናታችን ግን በጣም ስለፈሩ፣ ልጃቸውም አብሯቸው ስላለ ትንሽ ማፍዘዣ ተሰጣቸው። ደማቸው አነስተኛ ስለሆነ ከመጀመሪያው ኦክስጅን በአፍንጫቸው ተደረገላቸው።

በግራ ጎናቸው ይተኛሉ። ጥርሳቸው መሣሪያውን እንዳይነክስ መሐሉ ክፍት የሆነ ፕላስቲክ ይያዝላቸዋል። መሣሪያው 1 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚወፍር፣ እንደፈለጉት የሚታጠፍ ቱቦ ነው፤ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ አለው፤ በውስጡም የናሙና መቆንጠጫ የሚያልፍበት ከ3 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ቀዳዳ አለ። “ይዋጡ” ይባላሉ፤ ሲውጡ ቱቦው በምግብ መውረጃው በኩል ይገባል። ትንፋሽ የሚሄደው በሌላኛው መንገድ ነው፤ ስለዚህ ቱቦው አይዘጋውም። ታፈንኩ የሚለው ስሜት ከጉሮሮ የሚመጣ ነው እንጂ አየር ከመጥፋት አይደለም፤ በአፍንጫ ረጋ ብሎ የተነፈሰ ሰው ይቀለዋል። ምራቅ መዋጥ አያስፈልግም፤ በጉንጭ በኩል እንዲፈስ መተው ነው።

ከፊት ጥርስ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲወረድ የምግብ ቧንቧው ከጨጓራ ጋር ይገናኛል። ሐኪሙ ጨጓራውን ለመግለጥ አየር ይነፋበታል፤ ሆድ ይወጠራል፣ ግሳት ይመጣል። ግሳቱን ይቅርታ የሚጠይቁ እናቶች አጋጥመውኛል፤ ይቅርታ አያስፈልገውም። ካሜራው በጨጓራው መውጫ አልፎ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ያያል፤ ከዚያ ተመልሶ ጨጓራ ውስጥ ወደ ኋላ ይታጠፍና የገባበትን በር ከታች ያያል። ይህ መታጠፍ ባይኖር የጨጓራው ጣሪያ ሳይታይ ይቀር ነበር። በጥንቃቄ የሚያይ ሐኪም ለዚህ ሁሉ ሰባት ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ደጅ የሚጠብቅ ቤተሰብ ለምን ቆየ ብሎ እንዳይከፋ።

ይህ ምርመራ ለአገራችን ሐኪሞች አዲስ አይደለም። ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ያሉበት የሐኪሞች ቡድን የ10,000 ሰዎችን የላይኛው ኢንዶስኮፒ ውጤት በ2004 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳትሞ ነበር።

በእናታችን ጨጓራ ውስጥ፣ ከመውጫው አጠገብ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚሆን ቁስል ተገኘ። መሠረቱ ነጭና ንጹሕ ነው፤ በዚያ ሰዓት አይደማም። ሐኪሙ ለነርሷ “ናሙና” አላት። ደጅ ላለው ልጅ ይህ ቃል ሲደርሰው ፊቱ ተለወጠ። “ካንሰር አገኙባት ማለት ነው” አለ።

አይደለም። ናሙና የሚወሰደው ካንሰር ስለተገኘ አይደለም፤ በዓይን ብቻ መለየት ስለማይቻል ነው። የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ የሚወጣ ቁስል ካንሰር የሚሆነው እጅግ አልፎ አልፎ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከቁስሉ ናሙና አይወሰድም። የጨጓራ ቁስል ግን የቱንም ያህል ደህና ቢመስል ናሙና ይወሰድበታል። ቁራጯ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ናት። መቆንጠጫው ሲቆርጥ እናታችን ምንም አይሰማቸውም፤ የጨጓራ ውስጠኛ ሽፋን መወጠርን እንጂ መቆረጥን የሚያውቅ ነርቭ የለውም። ጥቂት ጠብታ ደም ይታያል፣ ራሱ ይቆማል።

ከቁስል የሚወሰደው ናሙና አንድ አይደለም፤ ከስድስት እስከ ስምንት ነው። ከቁስሉ ዙሪያ ጠርዝ በየአቅጣጫው፣ ከመሠረቱም ይወሰዳል። ካንሰር ቢኖር እንኳ በአንዱ ጠርዝ ብቻ ተደብቆ ሊሆን ይችላል፤ ከመሐሉ ብቻ የወሰደ ሐኪም የሞተ ሥጋ ብቻ ያወጣና “ምንም የለም” የሚል መልስ ይደርሰዋል።

ሌላ ናሙና ደግሞ ለጨጓራ ባክቴሪያው ይወሰዳል። ይህን ባክቴሪያ ያሳወቀን ራሱ ናሙናው ነው። በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረን የሚባሉ ፓቶሎጂስት በ1979 እ.ኤ.አ. ከጨጓራ በተወሰደ ቁራጭ ላይ የታጠፉ ባክቴሪያዎችን አዩ። ባልደረባቸው ባሪ ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሳቸው ጠጥተው ታመሙ፤ ጨጓራቸው መቆጣቱም በኢንዶስኮፒ ታየ። ሁለቱም በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኙ። በአገራችን ግማሽ ያህሉ ሰው ይህን ባክቴሪያ በሆዱ ይዞ ይኖራል፤ አብዛኛው ሳያመው፣ አንዳንዱ ቁስል ሆኖበት።

አንዷ ቁራጭ ባለሙያው ፊት ቀለም በሚለውጥ ጄል ውስጥ ትገባለች፤ ባክቴሪያው ካለ ቢጫው ወደ ቀይ ይለወጣል። የእናታችን ጄል ቢጫ እንደሆነ ቀረ። ያዙልኝ ያልኩት ነገር እዚህ ላይ ይመጣል፦ እስከዚያች ጧት ኦሜፕራዞል ሲወስዱ ነበር። ኦሜፕራዞል ባክቴሪያውን ከጨጓራው ታችኛ ክፍል አሳዶ ወደ ላይኛው ክፍል ያሸሸዋል። ይህን የሚያውቀው ሐኪም ከታች ብቻ ሳይሆን ከላይኛው የጨጓራ አካልም ሁለት ቁራጭ ወስዶ ለፓቶሎጂ አስቀመጠ።

አንድ ቦታ ደግሞ አለ፣ ናሙና ፈጽሞ የማይወሰድበት። በወሎ ቆላማ ወንዞችና መስኖዎች ዳር ያደገ ሰው ቢልሃርዝያ ለዓመታት ሳይታከም ቆይቶ ጉበቱን ሊያጠጥርበት ይችላል። ያን ጊዜ በጉበት ማለፍ ያቃተው ደም ወደ ምግብ ቧንቧው የታችኛ ክፍል ሥሮች ይገፋል፤ ሥሮቹ ያብጣሉ፤ ካሜራው ሰማያዊ ሆነው ወደ ውስጥ የወጡ መስመሮችን ያያል። እነሱን በመቆንጠጫ መንካት ከባድ ደም ያስፈስሳል። ሕክምናቸው ራሱ በኢንዶስኮፒው በትንንሽ ላስቲክ ሥሩን ማሰር ነው። ስለዚህ በቢልሃርዝያ ታሞ የነበረ፣ ጣፊያው ያበጠ፣ ወይም ደም አስታውኮ የሚያውቅ ሰው ቱቦው ከመግባቱ በፊት ይናገር።

ናሙናዎቹ ወዲያው ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ፈሳሹም ከቁራጩ በብዙ እጥፍ፣ ቢያንስ በአሥር እጥፍ፣ መብለጥ አለበት። ከእኛ አካባቢ ናሙና ብዙ ጊዜ በቤተሰብ እጅ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ስለዚህ ተቀባዩ ልጅ ሁለት ነገር ይይ፦ ብልቃጡ ላይ የእናቱ ስምና ናሙናው የተወሰደበት ቦታ መጻፉን፣ ክዳኑም መጥበቁን። ፎርማሊኑ ፈስሶ በውሃ የተሞላ ናሙና በስብሶ ስለሚደርስ አይነበብም፤ ያን ጊዜ ኢንዶስኮፒው ከመጀመሪያው ይደገማል። ፎርማሊን መርዝ ስለሆነ ከምግብ ጋር በአንድ ዘንቢል አይያዝም፤ ልጆችም አይነኩትም።

እናታችን ነቁ። ጉሮሯቸው እስኪላቀቅ፣ አንድ ሰዓት ያህል፣ አይበሉም አይጠጡም፤ በደነዘዘ ጉሮሮ የተዋጠ ሻይ ወደ ሳንባ ይሄዳል። መጀመሪያ አንድ ጉንጭ ውሃ ይሞክራሉ። እስከ ማግስቱ ድረስ ብቻቸውን አይጓዙም፣ እሳት ላይ አይሠሩም፤ ሾፌር ቢሆኑ ባጃጅም አይነዱም፣ የውል ወረቀትም አይፈርሙም። “ደህና ነኝ” ይላሉ፤ ማፍዘዣው ግን ደህና ነኝ ማለትን ቶሎ ያስችላል፣ ፍርድንና ፍጥነትን ዘግይቶ ነው የሚመልሰው።

አሁን ስለ አደጋው። ጉሮሮ ለአንድ ሁለት ቀን መከርከሩ፣ ሆድ መነፋቱ፣ መርፌው የነበረበት ቦታ ትንሽ መቅላቱ የተለመደ ነው። ከባድ ከሚባሉት መካከል በብዛት የሚያጋጥመው ከቱቦው አይደለም፤ ከማፍዘዣው ነው። ትንፋሽ ይዘገያል፣ ኦክስጅን ይወርዳል፣ ግፊት ይቀንሳል። የጣቱ መቆንጠጫ ከ90 በታች ሲያነብ ባለሙያዋ ሕመምተኛውን ትቀሰቅሰዋለች፣ አገጩን ታነሣለች፣ ኦክስጅን ትጨምራለች፤ ካስፈለገም የሚዳዞላምን ሥራ የሚሽር ፍሉማዜኒል የሚባል መድኃኒት ይሰጣል። ይህ አደጋ በቶሎ ከታየ ይመለሳል። ካልታየ ነው የሚገድለው። ስለዚህ ማፍዘዣ በሚሰጥበት ክፍል ካሜራውን ከሚይዘው ሐኪም ሌላ፣ ዓይኑን ከሕመምተኛው ፊት የማያነሣ አንድ ሰው መኖር አለበት።

ሁለተኛው መበሳት ነው። ለምርመራ ብቻ በሚደረግ የላይኛው ኢንዶስኮፒ የምግብ ቧንቧ ወይም ጨጓራ የሚበሳው ከ2,500 እስከ 11,000 ከሚሆኑ ሰዎች መካከል በአንዱ ነው። በእርግጥ ጥቂት ነው። የሚያጋጥመውም በአብዛኛው ቧንቧው አስቀድሞ በጠበበ፣ እጢ ባለበት፣ ወይም ጉሮሮ አጠገብ ያልታወቀ ኪስ ባለው ሰው ላይ ነው። ምግብ ሲውጥ የሚቆምበት ሰው ይህን አስቀድሞ መናገሩ ቱቦው እንዴት እንደሚገባ ይለውጣል።

መበሳቱ የሚታወቀው በምንድን ነው? ከተለመደው የጉሮሮ መከርከር የሚለየው እየቀለለ ሳይሆን እየበረታ መሄዱ ነው። አንገት፣ ደረት ወይም የላይኛው ሆድ ክፉኛ ያማል፤ ሲውጡ ይብሳል፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይከተላል፤ ትንፋሽ ያጥራል። አንገት ሥር ሲዳስሱት ከቆዳው በታች አየር እንዳለ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ቢሰማ ሌላ ምልክት መጠበቅ የለም። እንዲህ ያለ ሰው ውሃም አይቀምስም፤ የታመመውን ሰው ወተት ወይም አጥሚት አጠጥቶ “ይሻለዋል” ማለት በቀዳዳው ምግብ ወደ ደረት መላክ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሆስፒታል የደረሰ ሰው በአንቲባዮቲክ፣ በኢንዶስኮፒ በሚደረግ መዝጊያ ወይም በቀዶ ሕክምና የመዳን ዕድሉ ጥሩ ነው፤ ቀን ካለፈበት ግን ይጠባል።

ለሐብሩ ሰው ይህ ማለት ምን ማለት ነው? ከደሴ መርሳ በመኪና ሰዓታት ናቸው፤ ከመርሳ ወደ ገጠር ቀበሌው ደግሞ በእግር ነው። ከሰዓት በኋላ ተሠርቶለት በዚያው ምሽት መንገድ የጀመረ ሰው ሕመሙ እኩለ ሌሊት ላይ ቢነሣበት መኪና ከሌለበት ቦታ ላይ ያገኘዋል። ስለዚህ ሩቅ የሚኖር ሰው፣ በተለይ ጠባብ ቧንቧ የሰፋለት ወይም ብዙ ናሙና የተወሰደበት፣ ያችን አንድ ሌሊት ሆስፒታሉ ካለበት ከተማ ዘመድ ቤት ቢያድር እመርጣለሁ። የእናታችን ልጅም እንዲህ አደረገ፤ ደሴ አክስቱ ቤት አደሩ። የናሙናው ቦታ ዘግይቶ ሊደማ ስለሚችልም ሰገራቸው እንደገና ቢጠቁር ወይም ቢያስመልሳቸው እንዲመለሱ ተነገራቸው።

ሰው አፍ አውጥቶ የማይጠይቀውን አንድ ነገር ልጨምር፤ ቱቦው ከሌላ ሰው በሽታ ያመጣልን? በትክክል የጸዳ ቱቦ በሽታ ማስተላለፉ እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ትክክል ማለት ግን በጨርቅ መጥረግ አይደለም። ወዲያው በሳሙና ይታጠባል፣ የውስጡ ቀዳዳ በብሩሽ ይፈገፈጋል፣ ከዚያ ለምሳሌ በ2 በመቶ ግሉታራልዴሃይድ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ይነከራል፣ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል። በብሩሽ ሳይፈገፈግ የተነከረ ቱቦ አልጸዳም፤ የደረቀ ንፍጥ ሥር ያለውን ጀርም መድኃኒቱ አይደርስበትም። ውሃ በሚቋረጥበት ቀን ቀጠሮ ቢሰረዝባችሁ ትክክለኛውን ነገር ሠርተዋል። እንዴት እንደሚያጸዱም መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የእናታችን የፓቶሎጂ ወረቀት መጣ። ከቁስሉ ጠርዝ በተወሰዱት ቁራጮች ላይ የካንሰር ሴል አልታየም። ከጨጓራው ላይኛ ክፍል በተወሰዱት ሁለቱ ላይ ግን ባክቴሪያው አለ፤ ጄሉ “የለም” ያለው ባክቴሪያ። ዳይክሎፌናኩ ተቋረጠ፤ ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል ተተካ። አሞክሲሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ለ14 ቀን ታዘዘላቸው፤ በአምስተኛው ቀን ሲሻላቸው እንዳያቋርጡ ልጃቸው ኃላፊነት ወሰደ። የደም ማነስ እንክብልም ተጀመረላቸው፤ ሰገራቸው በእሱ ምክንያት መጥቆሩ እንደማይቀርም አስቀድሞ ተነገራቸው።

በዚህ አላበቃም። የጨጓራ ቁስል ናሙናው ንጹሕ ቢሆንም ሁለት ወር ያህል ቆይቶ በሁለተኛ ኢንዶስኮፒ ይታያል። እናታችን በዚያን ጊዜ ሕመም የለባቸውም፣ ሄሞግሎቢናቸው 11 ደርሷል፤ “ድኜ ሳለ ለምን ደሴ እሄዳለሁ?” አሉ። የሚሄዱት የመጀመሪያው ናሙና ካንሰሩን ስቶት ሊሆን ስለሚችል ነው። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከሻረ ጥርጣሬው በእጅጉ ይቀንሳል። ካልሻረ፣ ወይም ጠርዙ ከፍ ብሎና ተሰባብሮ ከታየ፣ እንደገና ከዙሪያው ስድስት ስምንት ቁራጭ ይወሰዳል። ሽሮ ጠባሳ ብቻ ቢቀርም ከጠባሳው ላይ ይወሰዳል።

አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።